አዲስ ፀጉር በድሮ ፎቶ ላይ

ፎቶ ላይ ፀጉር መቀየር ለብዙ ሰው ቀላል ሥራ ይመስላል። ረጅም ፀጉር ካለበት ሌላ ምስል ቆርጦ ማውጣት፣ ራስ ላይ መድፋት፣ ዳር ዳሩን ማለስለስ፣ አለቀ። እንዲህ የተሠሩ ትልልቅ ፎቶዎች በየሳሎኑ ግድግዳ ተሰቅለው አይቻለሁ። እንግዳው ገና ቡናው ሳይቀርብለት ቀና ብሎ ያይና «ዊግ አድርጋ ነው እንዴ?» ይላል። ፀጉሩ ራሱ ምንም ላይጎድለው ይችላል፤ ያምራል፣ ያብረቀርቃል። ነገር ያበላሸው ግንባር ላይ ፀጉሩ ከቆዳ የሚነሳበት የጣት ስፋት የማይሞላ ቦታ ነው። እሱን ያለፈ ደግሞ አንገት ላይ ይያዛል።

በፎቶ ቤት ኤዲተርነት የምተዳደር ሰው ነኝና ስለዚህ ሥራ ስጠየቅ ሁሌም የምለው አንድ ነው፦ ከሥራው ትልቁ ክፍል ያለው ቆዳው ላይ ነው። አዲሱ ፀጉር ግንባሩና አንገቱ ላይ ሊጥለው የሚገባው ጥላ ከሌለ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ፀጉር ቢመጣ ተለጥፎ ይቀራል። ይህን ለማሳየት አንድ ሥራ ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልሂድበት።

ፎቶው የምረቃ ፎቶ ነው። ተመራቂዋ መሐል፣ አባት ከእኛ ከተመልካቾቹ በግራ፣ እናት በቀኝ፤ ሦስቱም ከወገብ በላይ። ልጅቷ ለቆቡ እንዲመቻት ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች፤ ፎቶው ሲነሳ ግን ቆቡን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። እናትየው ፎቶውን ካዩ ጊዜ ጀምሮ ይሄ አልዋጥ ብሏቸዋል።

«የኔ ልጅ፣ የተላጨች እኮ ነው የምትመስለው። ያንን የመሰለ ፀጉሯን ለቀቅ አድርገህ ሥራልኝ።»

«ድጋሚ ብትነሱስ እናቴ?»

«አባቷ አሜሪካ ተመልሶ ሄደ፤ ከማን ጋር ነው የምንነሳው?»

«እንግዲያውስ እሷን ፀጉሯን ተሠርታ ይዘዋት ይምጡ።»

«ከኢንተርኔት ላይ አንዱን አታወርድም?»

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ደንበኛ ይመጣል፤ መልስም ይገባዋል። ከኢንተርኔት የሚወርድ ፀጉር ሦስት ጣጣ አለበት። አንደኛው የሰው ንብረት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ብርሃኑ ነው፤ የዚያች ሴት ፀጉር ላይ ብርሃን ከቀኝ መጥቶ ከሆነ፣ የእኛዋ ደግሞ ከግራ በርቶላት ከተነሳች፣ ፊቷ በአንድ ፀሐይ ፀጉሯ በሌላ ፀሐይ ይሆናል። ፀጉሩን ገልብጦ ማስተካከል ይቻላል የሚል አለ፤ ሲገለበጥ ግን መክፈያውም አብሮ ይገለበጣል፣ ከፊቷ መዞሪያ ጋርም ይጣላል። ሦስተኛው ርቀት ነው። ካሜራ ለሰው በቀረበ ቁጥር አፍንጫና ግንባር ይጎላሉ፣ ጆሮና የጎን ፀጉር ወደ ኋላ ይሸሻሉ። በቅርብ የተነሳ ፀጉር በሩቅ በተነሳ ፊት ላይ ሲደፋ፣ ለምን እንደሆነ በግልጽ ሳይታወቅ ጭንቅላቱ የጠበበ ይመስላል።

ስለዚህ ልጅቷ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ወደ ኋላ ተበጥሮ ትከሻዋ ላይ የተለቀቀ ፀጉር ነው። የአሠራሩን ዓይነት እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ ምክንያቱን ግንባሩ ጋ ስንደርስ እናገራለሁ። ያንኑ ጋዋን ለብሳ፣ ያንኑ ግራጫ መጋረጃ ከጀርባ አድርጋ፣ መብራቱ በዚያው በግራ በኩል ቆሞ፣ ካሜራውም በዚያው ከፍታና በዚያው ርቀት ሆኖ አነሳኋት። አሮጌው ፎቶ በስልኬ ስክሪን ላይ ተከፍቶ አጠገቤ ነበር፤ የአንገቷን ዘንበል ማለት እያየሁ «አገጭሽን ትንሽ ዝቅ፣ አዎ፣ እዚያ ላይ» እያልኩ።

ያው መጋረጃ ለምን አስፈለገ? እዚህ ላይ ቆም ብሎ አንድ ሒሳብ ማየት ይጠቅማል፤ ፀጉር ቆርጦ ማውጣት የሚያስቸግርበት ምክንያት ሁሉ እሱ ውስጥ ነውና። የሰው ፀጉር ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። የእኛ ፎቶ በወርዱ 6000 ፒክስል ሲሆን ሦስት ሰው ያለበት ወርድ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሲካፈል አንዱ ፒክስል ሩብ ሚሊ ሜትር ይይዛል። ማለት አንዲት ብቻዋን የወጣች ፀጉር አንድ ፒክስል እንኳ አትሞላም። ካሜራው እዚያ ነጥብ ላይ የሚጽፈው ቀለም የፀጉሩና የጀርባው ድብልቅ ነው። የፀጉሩ ዳር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ግማሹ ፀጉር፣ ግማሹ መጋረጃ። ነጭ ግድግዳ ፊት የተነሳን ፀጉር ቆርጣችሁ ጥቁር ነገር ላይ ብታስቀምጡት ዙሪያውን ነጣ ያለ ጭጋግ የሚከበው ለዚህ ነው። ያ ጭጋግ የተሰረቀ ግድግዳ ነው። በአንድ መጋረጃ ፊት ከተነሳ ግን የተሰረቀው ቀለም ከሚሄድበት ቦታ ቀለም ጋር አንድ ስለሆነ ችግሩ ገና ከመነሻው ይቃለላል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ሁለቱን ፎቶዎች በፎቶሾፕ አንዱን በአንዱ ላይ በሌየር አደርግና የላይኛውን ግማሽ ያህል ግልጽ አደርገዋለሁ፤ ሁለቱም ፊቶች አብረው ይታያሉ። መጠኑን የማስተካክለው ከቅንድብ እስከ አገጭ ባለው ርቀት ነው። ፀጉሩን አይቶ መጠን መለካት አያስኬድም፤ ፀጉር ይነፋል፣ ይተኛል፣ አጥንት ግን አይለወጥም። ቅንድብ በቅንድብ፣ የጆሮ ጫፍ በጆሮ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ፀጉሩም ቦታውን ያገኛል። የተለቀቀ ፀጉር ከታሰረው ይልቅ ከራስ ቅሉ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለቱ የግድ ነው፤ ጀማሪ ይህን ሲያይ ይደነግጥና ፀጉሩን ያሳንሰዋል፣ ልጅቷም ባርኔጣ የጠበባት ትመስላለች። መነካት ካለበት በ Liquify ትንሽ ትንሽ መግፋት ይቻላል፤ ያውም ለአጠቃላይ ቅርጹ ብቻ። አብዝተው ሲገፉት የፀጉሩ ዘለላ ይለጠጥና እንደ ላስቲክ ይሆናል።

ከዚያ ሌየር ማስክ ነው። ማስክ ማለት ምንም ሳይሰርዝ የላይኛውን ፎቶ የሚሸፍንና የሚገልጥ መጋረጃ ነው፤ በጥቁር ሲቀባ ይደብቃል፣ በነጭ ሲቀባ ይመልሳል። የፀጉሩን መሐል በጠንካራ ብሩሽ እገልጣለሁ። ዳሩን ግን Select and Mask ውስጥ ባለው የዳር ማጥሪያ ብሩሽ ነው የማነካካው፤ ፕሮግራሙ ዘለላዎቹን ከመጋረጃው ለመለየት ይሞክራል። ይሞክራል እንጂ አይጨርስም። በተለይ ጥምዝ ፀጉር ላይ ቀለበት ቀለበቷን ሞልቶ ይደፍናታል ወይም ሙሉ በሙሉ ይበላታል። የሐበሻ ፀጉር ላይ የሚሠራ ሰው ይህንን መሣሪያ ብቻ አምኖ መተኛት የለበትም።

መጋረጃው አንድ ነው ብያለሁ፤ ሆኖም በግራ በኩል አባትየው አሉ። የተለቀቀው ፀጉር በዚያ በኩል የሚያርፈው የእሳቸው ጥቁር ሰማያዊ ኮት ፊት ለፊት ነው። እዚያ ላይ ግራጫው መጋረጃ ሌባነቱ ተጋለጠ፤ ኮቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ግራጫ ጭረት ታየ። መፍትሔው የዚያን ዳር ቅጂ ብቻውን ለይቶ Multiply በሚባለው ማዋሃጃ ማስቀመጥ ነው። ይህ ዘዴ ብርሃናማውን ቀለም እንደሌለ ይቆጥረዋል፣ ጨለማውን ግን ከሥሩ ካለው ጋር ይደምረዋል። መጋረጃው ይጠፋል፣ ጥቁሩ ዘለላ ይቀራል። ለጥቁር ፀጉር ይህን ያህል የሚያገለግል ዘዴ የለም። ለሽበት አይሠራም፤ ሽበቱ ራሱ ብርሃናማ ነውና አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ ግንባር።

የሰው ግንባር ላይ መስመር የለም። መስታወት ፊት ቆማችሁ እዩት። ፀጉሩ ከላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይመጣና ወደ ግንባር ሲቀርብ እየሳሳ፣ እያጠረ፣ እየቀጠነ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ለጋ ለጋ ፀጉሮች አንዳንዶቹ ወደ ፊት፣ አንዳንዶቹ ወደ ጎን የሚያዩ ናቸው። ከጥቅጥቁ እስከ ባዶው ቆዳ ድረስ ያለው ሽግግር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በእኛ ፎቶ 40 ፒክስል ይሆናል። በዚያ ውስጥ ቆዳው በፀጉሩ መሐል ይታያል። ሰው ሠራሽ የሚያደርገው ይህንን ሽግግር ወደ አምስት ፒክስል ማሳጠር ነው። በለስላሳ ብሩሽ ማደብዘዝም አያድንም፤ ያኔ ፀጉሩ በእርሳስ የተቀባ፣ ጭስ የመሰለ ይሆናል። የሳሳ ፀጉርና የደበዘዘ ፀጉር የተለያዩ ናቸው፤ የሳሳው ውስጥ እያንዳንዷ ፀጉር አሁንም ስል ናት፣ ቁጥሯ ነው የቀነሰው።

ከዚህ ጣጣ የሚያወጣ አንድ መንገድ አለ፦ የግንባሩን ፀጉር መነሻ ጭራሽ አለመንካት። የልጅቷ የራሷ መነሻ አሮጌው ፎቶ ላይ አለ፤ ከነለጋ ፀጉሩ፣ ከነትክክለኛ ብርሃኑ። የታሰረው ፀጉር ከግንባር ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። አዲሱም ወደ ኋላ የተበጠረ ከሆነ ሁለቱ የሚገናኙት ግንባሩ ላይ መሆኑ ይቀርና ከመነሻው አንድና ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ፀጉር በፀጉር መሐል ይሆናል። ወደ ኋላ የተበጠረ ተሠርታ እንድትመጣ ያልኩት ለዚህ ነው። ማስኩንም ቀጥ ባለ መስመር አልቀባውም፤ በፀጉሩ አቅጣጫ፣ ጣት ጣት የመሰሉ የተሰነጣጠቁ ጭረቶች አድርጌ አንዱ ወደ አንዱ እንዲገባ ነው የማደርገው። መገናኛው በዘለላዎች መሐል ተደብቆ ይቀራል።

ይህ ሁልጊዜ አይገኝም። አሮጌው ፎቶ ላይ ያለው ሹሩባ ቢሆን ኖሮ የራስ ቆዳ መስመሮቹ እስከ ግንባር ድረስ ወርደው ይታዩ ነበር፤ ያንን መነሻ ማቆየት አይቻልም። በዚያ ጊዜ ከአዲሱ ፎቶ ፀጉሩን ከግንባሩ ቆዳ ጭምር፣ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ማምጣትና ማዋሃዱን ቆዳ በቆዳ ላይ፣ በግንባሩ መሐል ማድረግ ይሻላል። ቆዳ ከቆዳ ጋር መግጠም ፀጉርን ከቆዳ ጋር ከመግጠም አሥር እጥፍ ይቀላል፤ ቀለሙን ማመሳሰል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ወደ ግንባር የሚወርድ ቁርጥ ፀጉር ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ መነሻውን ራሱ ይሸፍነዋል፣ በምትኩ ግን ከባድ የጥላ ሥራ ያመጣል።

ጥላውን ለብቻው ላንሳው። ፀጉር ቆዳ ላይ ሁለት ዓይነት ጥላ ይጥላል። አንዱ ፀጉሩ ቆዳውን በሚነካበት ልክ ሥሩ የሚገኝ ጠባብና ጠቆር ያለ ነው፤ በእኛ ፎቶ አሥር ፒክስል ገደማ። ሌላው ሰፊና የማይታወቅ ያህል ለስላሳ ነው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ግንባሩና ወደ ጉንጩ ይዘረጋል። ሁለቱን በሁለት ሌየር ለየብቻ እሠራቸዋለሁ፣ በ Multiply፣ ብርታቱ ከ15 እስከ 30 በመቶ። ጠባቡ ከሌለ ፀጉሩ ከግንባሩ በላይ ይንሳፈፋል። ሰፊው ከሌለ ደግሞ ፊቱ ላይ የወረቀት ቁራጭ የተለጠፈ ይመስላል።

የጥላው ቀለም ጥቁር መሆን የለበትም። ጠይም ቆዳ ላይ ጥቁር ጥላ ሲጣል አመድ የነካው ይመስላል። ከልጅቷ ከራሷ አገጭ ሥር፣ ጥላ ካለበት ቦታ ቀለም ቀድቼ ነው የምጠቀመው፤ ቀላ ያለ ጥልቅ ቡናማ ነው የሚወጣው። የሰው ቆዳ ጥላ ውስጥ ሲገባ ይሞቃል እንጂ አይገረጣም። በፎቶ ቤቶቻችን ከማየው ስህተት ሁሉ የበዛው ይሄ ሳይሆን አይቀርም፤ መሣሪያውን የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ነጭ ቆዳ ላይ ስለሚሠሩ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጠው ይወስዱታል።

ጆሮ ግንድ ላይ ፀጉሩ ከመነሻው ተነስቶ ወደ ታች ስለሚወርድ የአሮጌው መነሻ አይበቃም። እዚያ በእጅ መሳል ይመጣል። አንድና ሁለት ፒክስል ብሩሽ፣ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚጠፋ ጭረት፤ በግራፊክስ ታብሌት እስክሪብቶ ከሆነ እሰየው፣ በማውዝ ከሆነ ትዕግሥት። ቁም ነገሩ ሁለት ናቸው፦ ቀለሙ ከፀጉሩ ትንሽ ፈካ ማለት አለበት፤ ብቻዋን የወጣች ፀጉር ብርሃን ያልፍባታልና። አቅጣጫዋም ከጎረቤቷ ጋር እኩል መሆን የለበትም። ሰባት ስምንት ጭረት ይበቃል። ብዙ ሰው መሳል ሲጣፍጠው ያበዛዋል፣ ልጅቷም ነፋስ የመታት ትሆናለች።

አንገት የራሱ ዓለም ነው። እዚያ ላይ ጥያቄው ማን ከፊት ማን ከኋላ ነው የሚል ነው። ከትከሻዋ ኋላ የወረደው ፀጉር ከአንገቷ ጀርባ መሆን አለበት፤ ወደ ደረቷ የወረደው ዘለላ ደግሞ ከአንገቷም ከጋዋኑ አንገትጌም ፊት። ስለዚህ አንዱን ፀጉር ሁለት ቦታ ከፍዬ፣ አንዱን ክፍል ከአሮጌው ፎቶ አንገት በታች፣ ሌላውን በላይ አድርጌዋለሁ። የአገጭና የአንገት ቅርጽ ከአሮጌው ፎቶ ነው የሚወሰደው፤ ከአዲሱ መውሰድ ይቀላል፣ ግን ፊትና አንገት ከሁለት ቀን የመጡ ሲሆኑ ይታወቃል። ፎቶ አንሺዎች አንገትን ከጥንትም ይፈሩታል። እ.ኤ.አ. የካቲት 1860 ማቲው ብሬዲ ኒውዮርክ ውስጥ አብርሃም ሊንከንን ሲያነሳ፣ የሰውዬው አንገት መርዘሙ አሳስቦት የሸሚዙን ኮሌታ ከፍ አስደርጎታል። የሚሸፍን ነገር ከተገኘ ከመነካካት ይልቅ መሸፈን እንደሚሻል እሱም ያውቅ ነበር።

የእኛ መብራት ከግራ ነው። ፀጉሯ ታስሮ በነበረ ጊዜ የአንገቷ ግራ ጎን በብርሃን ተጥለቅልቆ ነበር። አሁን በዚያ በኩል ፀጉር መጥቶ በመብራቱና በአንገቷ መሐል ቆሟል። ታዲያ ያ ጎን እንደ ድሮው ማብራት ይችላል? አይችልም። ፀጉሩ ተቀምጦ፣ ጥላው ሁሉ ተሠርቶ፣ አሁንም የሆነ ነገር ሲጎረብጠኝ የነበረው ይሄ ነበር። Curves ከፍቼ የአንገቱን ግራ በሙሉ ዝቅ አደረግኩት፤ ወደ ፀጉሩ ሲጠጋ የበለጠ ጨለማ፣ ወደ ጉሮሮዋ መሐል ሲሄድ እየተወ። ወዲያው ፀጉሩ ቦታውን ያዘ። ለማመን የሚያስቸግር ለውጥ ነው፤ ፀጉሩ ላይ አንዲት ነጥብ አልነካሁም።

ቀጥሎ የጆሮ ጌጧ መጣ። አሮጌው ፎቶ ላይ ሁለቱም ጆሮዎቿ ወጥተው ወርቁ ይታያል። አዲሱ ፀጉር የግራውን ጆሮ ይሸፍነዋል፤ ወርቁም አብሮ ጠፋ፣ ግን አንገቷ ላይ የጣለው ትንሽ ነጠብጣብ ጥላና ያንጸባረቀው ቢጫ ብርሃን ቀርተው ነበር። ባለቤቱ የሌለ ጥላ። እንዲህ ያለውን ቅሪት ፈልጎ ማጥፋት ነው፤ ትንሽ መሆኑ አያታልል፣ የሰው ዓይን ይደርስበታል።

ጫፎቹም አሉ። ፀጉር ትከሻ ላይ ሲያርፍ ይታጠፋል፣ ይከፈላል፣ ጥቂቱ ወደ ፊት ጥቂቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጋዋኑ ጥቁር፣ ፀጉሩም ጥቁር በመሆኑ በሁለቱ መሐል ያለው ወሰን ጠፍቶ ነበር። በመጠኑ መጥፋቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሁሉንም ዳር ለማሳየት መታገል ራሱ ያስነቃል። መብራቱ የሚነካቸውን ሁለት ሦስት ዘለላዎች ብቻ ትንሽ አፍክቼ ሌላውን ለጨለማው ተውኩት።

ረጅሙን ማሳጠርስ? እናቶች አይጠይቁም እንጂ ወጣቶች ይጠይቃሉ። ይህ ከማስረዘም እጅግ ይከብዳል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፀጉር ሲጨመር የነበረ ነገር ይሸፈናል፣ ሲቀነስ ግን ያልነበረ ነገር መፈጠር አለበት፤ ከፀጉሩ ሥር የነበረው ጆሮ፣ የመንጋጋው መጨረሻ፣ ማጅራቱ፣ የኮቱ አንገትጌ፣ ከኋላው ያለው መጋረጃ። ካሜራው አላያቸውም። የዚያው ሰው ፀጉሩን ሰብስቦ የተነሳው ሌላ ፎቶ ካልተገኘ የሚሠራው ነገር ግምት ነው፤ የሰው ጆሮ ደግሞ በግምት አይሠራም፣ የገዛ እናቱ ትለየዋለች።

ከማተም በፊት የማደርጋቸው ማረጋገጫዎች አሉ። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ እቀይረዋለሁ፤ ቀለም ሲሄድ የብርሃን ልዩነት ብቻውን ይቀራል፣ ያልተመጣጠነ ጥላም ወዲያው ይታያል። ግራና ቀኙን እገለብጠዋለሁ፤ ለረጅም ሰዓት ያየሁትን ፊት እንደ አዲስ ያሳየኛል። ከዚያ የምስሉን ቅንጣት አያለሁ። ማንኛውም ካሜራ ጨለማ ቦታ ላይ ጥቂት ደቃቅ ነጠብጣብ ይተዋል፤ በብሩሽ የተቀባው ጥላ ግን እንደ ፕላስቲክ ልሙጥ ነው። Add Noise በትንሹ ካልተጨመረበት ትልቅ ሆኖ ሲታተም ያ ልሙጥ ቦታ ይለያል። ይህ ፎቶ በስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው የታተመው፤ 6000ው ፒክስል በጥራት የሚበቃው እስከዚያ ነው። በስልክ ስክሪን ላይ የማይታይ ስህተት በዚያ መጠን ቁልጭ ይላል። ስለዚህ አንዴ በሙሉ መጠን ተጠግቶ፣ አንዴ ደግሞ ወንበር ወደ ኋላ ገፍቶ ማየት ነው።

እናትየው ሲመጡ መጀመሪያ ያዩት ባላቸውን ነው። «ኮቱ እንዴት አማረበት!» አሉ። ቀጥሎ ልጃቸውን አይተው፣ «አዎ፣ እሷ ናት» ብለው ገንዘባቸውን ከፈሉ። ለእኔ ከዚያ በላይ ምስጋና የለም፤ ፀጉሩን አላነሱትማ።

ሙያው የቱንም ያህል ቢሰምር ባለቤቱ ካልጠየቀው ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2017 የእንግሊዙ ግራዚያ መጽሔት የጎረቤታችንን የኬንያ ልጅ የሉፒታ ኒዮንጎን ፎቶ በሽፋኑ ሲያወጣ ጥምዝ ፀጉሯን ከዳር ቆርጦና አለስልሶ ነበር። እሷ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አውጥታ በይፋ ወቀሰች፤ ፀጉሬን ሌሎች ቆንጆ ነው ወደሚሉት መልክ ለማስገባት ነው የነካካችሁት ብላ። ፎቶ አንሺው ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የለንደኑ ኢቭኒንግ ስታንዳርድ መጽሔት የዘፋኟን የሶላንጅ ኖውልስን የሹሩባ አክሊል ከሽፋኑ ፎቶ አጥፍቶ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። በሁለቱም ሥራዎች ማስኩም ጥላውም ደህና ነበር። የጠፋው ፈቃዷ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የቤተሰብ ፎቶ እንዲስተካከል ስትሰጡ ያልተነካውን ዋና ፋይልም አብራችሁ ተቀበሉና ለብቻው አስቀምጡ። ለጉርድ ፎቶ ግን ይህን ሁሉ እርሱት። ለዲቪም ሆነ ለሌላ የአሜሪካ ቪዛ የሚቀርብ ፎቶ መልክን በሚቀይር መልኩ በኮምፒውተር መነካት እንደሌለበት መመሪያው በግልጽ ያዛል፤ ፀጉር ማስረዘምም ከዚያው ይቆጠራል፣ ማመልከቻችሁንም ሊያሰርዝባችሁ ይችላል።